በአንድ ገጽ ተሠርቶ ያለቀ ቤታ

ከፊቴ ሁለት ፎቶዎች አሉ። አንደኛው ከወርክሺት ላይ በስልክ የተነሳ የስታቲስቲክስ ጥያቄ ነው፤ ወረቀቱ ጠመም ብሏል፣ የአንሺው እጅ ጥላ ግማሹን አጥልቶበታል፣ የቀኝ ጠርዙ ተቆርጧል። ሁለተኛው የዚያው ጥያቄ መልስ ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር በካሬ ደብተር ገጽ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሠርተው፣ በስልክ አንስተው ለተማሪያቸው በቴሌግራም የላኩት ነው። መልሱ ትክክል ነው፤ ትክክል መልስ ግን ከሶፍትዌርም ይገኛል። እኔን የያዘኝ የአሠራሩ ነገር ነው። ገጹ ላይ ያለ ቦታው የገባ ቁጥር አንድም የለም።

ጥያቄው ይህን ይላል። አንድ የሲሚንቶ ፋብሪካ እያንዳንዱን ከረጢት በአማካይ 50 ኪሎ እንዲሞላ የተስተካከለ ማሽን አለው። የሙሌቱ ቫሪያንስ 1.44 መሆኑ ከቆየ መዝገብ ይታወቃል፤ ስርጭቱም ኖርማል ነው። ተቆጣጣሪው 36 ከረጢት መዝኖ አማካዩ ከ50 ኪሎ ያነሰ መሆን አለመሆኑን በ0.05 ደረጃ ይፈትሻል። የማሽኑ እውነተኛ አማካይ 49.5 ኪሎ ቢሆን የሁለተኛው ዓይነት ስህተት ዕድል ምን ያህል ነው? የዜድ ቴስቱ ፓወርስ?

የሁለተኛው ዓይነት ስህተት፣ ተማሪዎች ታይፕ ቱ ኤረር የሚሉት፣ ማሽኑ በእርግጥ እያጎደለ ሳለ ተቆጣጣሪው «ደህና ነው» ብሎ ማለፉ ነው። ዕድሉ ቤታ ይባላል። ፓወር የዚያ ተቃራኒ ነው፤ ማሽኑ እያጎደለ ከሆነ ተቆጣጣሪው የመያዝ ዕድሉ። ሁለቱ ተደምረው ሁልጊዜ 1 ይሆናሉ። የመጀመሪያው ዓይነት ስህተት ደግሞ ማሽኑ ደህና ሆኖ ሳለ በከንቱ ማስቆም ነው፤ የእሱን ዕድል አልፋን ጥያቄው ራሱ 0.05 ብሎ ወስኖታል።

መምህሩ ስሌት ከመጀመራቸው በፊት የገጹን ሲሶ የሚያህል ቦታ ጥያቄውን በመገልበጥ ሞልተውታል። ቸኩሎ ለሚያይ ሰው ይህ የቀለም ብክነት ይመስላል። ነገር ግን ከፎቶ የሚሠራ ሰው ከሁሉ በፊት የሚሳሳተው በማንበብ ነው፤ ይህ ፎቶ ደግሞ ሁለት ቦታ ላይ ያሳስታል።

የመጀመሪያው ጥላው የወደቀበት ነው። «ቫሪያንስ» የሚለው ቃል ደብዝዟል፤ አጠገቡ ያለችው ሲግማ ግን በግልጽ ትታያለች፣ በራስጌዋ ያለችው ትንሽ 2 የወረቀት ጉድፍ ትመስላለች። 1.44ን እንደ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የወሰደ ሰው ለ6 አካፍሎ 0.24 ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ አንድም እርምጃ ሳይሳሳት ፓወሩን 0.67 ገደማ ብሎ ይጨርሳል። መልሱ ነውር አይታይበትም፤ በዜሮና በአንድ መካከል ያለ፣ የሚታመን ቁጥር ነው። እንዲህ ያለው ስህተት አደገኛ የሚሆነው ስለማይጮህ ነው። መምህሩ ሲግማ ስኩዌር ብለው ከጻፉ በኋላ 2ቷን በክብ አጥረዋታል፤ ከጎኗም «12 × 12 = 144» ብለዋል። 1.44 የ1.2 ስኩዌር መሆኑ ጥያቄ አውጪው ቫሪያንስ ማለቱን አያረጋግጥም፤ ግን ጥሩ ምልክት ነው። ጥያቄ አውጪዎች ሥሩ በቀላሉ የሚወጣ ቁጥር ይወዳሉ።

ሁለተኛው የተቆረጠው ጠርዝ ነው። አልተርኔቲቭ ሃይፖተሲሱ ላይ «μ» ካለ በኋላ የምልክቱ ጅማሬ ብቻ ይታያል፤ «ያነሰ» ይሁን «እኩል ያልሆነ» አይለይም። መምህሩ ይህን ምልክት ከፎቶው አልገመቱትም፤ ከቃሉ አወጡት። «ከ50 ኪሎ ያነሰ መሆን አለመሆኑን» ይላል ጽሑፉ፤ ስለዚህ ቴስቱ አንድ ጭራ ብቻ ያለው፣ ወደ ግራ የሚያይ ነው። በዚህ መስመር ሥር ቀጭን ሰረዝ አለ። ያቺ ሰረዝ ዋጋዋ ስንት እንደሆነ ለማወቅ በሁለት ጭራ ሠርቼ አየሁት፤ ቤታ ከ0.20 አካባቢ ወደ 0.29 ዘለለ። አንዲት የተቆረጠች ምልክት ከመቶ ወደ አሥር የሚጠጋ የምታንቀሳቅስ ከሆነ አጣርቶ መጻፍ ተገቢ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው ይጀምራል፤ አጀማመሩም ቀላል ነው።

```
σ = √1.44 = 1.2
σ/√n = 1.2/√36 = 0.2
```

የአንድ ከረጢት ክብደት በ1.2 ኪሎ ገደማ ይዋዥቃል፤ የ36 ከረጢት አማካይ ግን በ0.2 ኪሎ ብቻ ነው የሚዋዥቀው። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በዚህች 0.2 ይለካል።

ቀጥሎ የመጣው መስመር፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ የገጹ ምሰሶ ነው። አብዛኛው ተማሪ ጥያቄውን የሚያውቀው በዜድ ነው፤ «ዜድ ከ−1.645 ካነሰ ውድቅ አድርግ» የሚለው ሕግ በልቡ ተቀርጿል። ለተራ የዜድ ቴስት ይህ ይበቃል። ለፓወር ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም ያ −1.645 የተለካው አማካዩ 50 ነው ብለን በተነሳንበት ዓለም ውስጥ ነው። ወደ ሌላ ዓለም ይዘነው ብንሻገር ትርጉሙን ያጣል። ኪሎ ግን በሁለቱም ዓለም ያው ኪሎ ነው። ስለዚህ መምህሩ የዜዱን ድንበር ወደ ኪሎ መለሱት፦

```
c = 50 − 1.645 × 0.2 = 49.671
```

ከሥሩም በአማርኛ እንዲህ ጽፈዋል፦ «የ36ቱ አማካይ ከ49.671 ኪሎ ካነሰ ማሽኑ ይቁም፤ ካላነሰ ይቀጥል።» ይህ የሂሳብ ዓረፍተ ነገር አይደለም፤ ስታቲስቲክስ ላልተማረ የሚዛን ሠራተኛ ሊሰጥ የሚችል ትእዛዝ ነው። አንድ ቴስት ወደ እንዲህ ያለ ትእዛዝ እስኪመለስ ድረስ ፓወሩን መጠየቅ አይቻልም። ፓወር ማለት ይህ ትእዛዝ፣ ማሽኑ በተባለው ሁኔታ ላይ ሲሆን፣ «ይቁም» የሚልበት ዕድል ነውና።

የአስርዮሽ ቤቶቹንም ልብ ብያለሁ። 1.645 ያሉት 1.64ና 1.65 በሰንጠረዡ ላይ 0.95ን ከግራና ከቀኝ እኩል ስለሚያቅፉት ነው፤ መካከላቸውን ወሰዱ። 49.671ንም ሳያጠጋጉ ተዉት። ሦስት ቤት ለኪሎ የበዛ ይመስላል፤ የፋብሪካው ሚዛን ግራም ድረስ ላያነብ ይችላል። ግን ቁጥሩ ገና ለ0.2 ሊካፈል ነው፤ ማለትም ስህተቱ አምስት እጥፍ ሊሆን ነው። 49.7 ብሎ ያጠጋጋ ሰው ቤታን 0.1587 ያገኛል፤ ትክክለኛው ግን 0.1963 ነው። የሦስት አስርዮሽ ቤት ትዕግሥት ልዩነቱ ይህን ያህል ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ መጣ። ተማሪው ከፎቶው በታች አንድ ጥያቄ ልኮ ነበር፦ «ቲቸር፣ የናሙናው አማካይ አልተሰጠም እንዴ?» መምህሩ ገጹን ከመላካቸው በፊት የመለሱለት አጭር ነው፦ «አልተሰጠም፤ አያስፈልግህምም። ገና ማንም ከረጢት አልመዘነም።»

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በዚህ ርዕስ ላይ አላነበብኩም። ተራ የዜድ ቴስት ጥያቄ ሁልጊዜ የናሙና አማካይ ይሰጣል፤ የተማሪው እጅ ያንን ፈልጎ ማስገባት ለምዷል። በዚህ ጥያቄ ውስጥ ሲያጣው ዓይኑ 49.5 ላይ ያርፋል፤ አማካይ የሚል ቃል አጠገቡ አለ፣ ከ50 ያንሳል፣ የተለመደውን ይመስላል። ከዚያ 49.5 ሲቀነስ 50 ለ0.2 ተካፍሎ −2.5፤ ሰንጠረዡ 0.0062 ይላል፤ ተማሪውም «ቤታ 0.0062» ብሎ ይጽፋል። ስሌቱ ውስጥ የሂሳብ ግድፈት የለም። የተሰላው ግን የተጠየቀው አይደለም። 0.0062 የሚለው ማሽኑ ደህና ሆኖ ሳለ 49.5 ወይም ከዚያ ያነሰ የናሙና አማካይ የመውጣቱን ዕድል ነው። ጥያቄው ደግሞ ማሽኑ ደህና ካልሆነ ምን ይፈጠራል ነው የሚለው።

49.5 የተመዘነ ነገር አይደለም። ማንም ሊያየው የማይችል፣ ጥያቄ አውጪው ብቻ የሚያውቀው፣ የማሽኑ ውስጣዊ እውነት ነው። ጥያቄው «ቢሆን» ያለው ለዚህ ነው። በሥራ ዓለም ማንም ይህን ቁጥር በእጁ አይሰጠንም፤ እኛው ነን «ማሽኑ ግማሽ ኪሎ ቢያጎድል ልንይዘው እንፈልጋለን» ብለን የምንመርጠው። የፓወር ጥያቄ መልክም ከተራው የሚለየው በዚህ ነው፤ ከመረጃ በፊት የሚጠየቅ ነው።

ይህ አስተሳሰብ ዕድሜው መቶ ዓመት ገደማ ብቻ መሆኑ ይገርመኛል። በ1926 በደብሊኑ የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረውና «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም የሚጽፈው ዊሊያም ጎሴት ለኤጎን ፒርሰን በጻፈው ደብዳቤ፣ አንድን መላምት ለመጣል የሚያበቃን ናሙናው ራቅ ማለቱ ብቻ ሳይሆን ናሙናውን በተሻለ ዕድል የሚያስረዳ ሌላ መላምት መኖሩ ነው የሚል ሐሳብ ሰነዘረ። ፒርሰን ያንን ይዞ ከፖላንዳዊው የሂሳብ ሰው ከየርዚ ኔይማን ጋር ሠራ፤ በ1928 ሁለቱን የስህተት ዓይነቶች ለይተው አወጡ፣ በ1933 ደግሞ ታዋቂ ጥናታቸውን አሳተሙ። ሁለተኛው መላምት ስም ካልተሰጠው ሁለተኛው ስህተትም ዕድል አይኖረውም። የሲሚንቶ ወርክሺቱ ላይ ያለው 49.5 የዚያ ደብዳቤ የልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ገጹ ልመለስ። መምህሩ ከ49.671 በታች ገጹን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ መስመር አስምረዋል። ከመስመሩ በላይ «μ = 50 ነው ብለን»፣ ከመስመሩ በታች «μ = 49.5 ነው ብለን» ይላል። መስመሩን ያለፈው አንድ ቁጥር ድንበሩ ነው፤ 0.2ም አብራው አለፈች፣ የማሽኑ መዋዠቅ አልተለወጠምና። ከመስመሩ በታች ባለው የቤታ ስሌት ውስጥ 50 አንድም ቦታ ላይ አይገኝም። ፈልጌዋለሁ፤ የለም። በብዙ የተማሪ ደብተር ላይ 50 ሾልኮ ይገባል፣ ስሌቱም እዚያው ይበላሻል።

```
z = (49.671 − 49.5) / 0.2 = 0.855
β = P(Z > 0.855) = 1 − 0.8037 = 0.1963
1 − β = 0.8037
```

«ይበልጣል» የሚለውን ምልክትም በጥንቃቄ ነው ያስቀመጡት። ውድቅ የምናደርገው ከድንበሩ ስናንስ ነበር፤ ቤታ ግን ውድቅ ያለማድረግ ዕድል ነው፤ ስለዚህ አቅጣጫው ይገለበጣል። 0.855 በሰንጠረዡ የለችም፤ 0.85 ላይ 0.8023፣ 0.86 ላይ 0.8051 አለ። መካከሉን ወስደው 0.8037 አሉ። በላይኛው መስመር ለ1.645 ያደረጉት ያው ነው፤ ሁለቱም ቦታ ላይ እጃቸው አንድ ዓይነት ነው።

ከስሌቱ ቀኝ በኩል ሥዕል አለ፤ ብዙ የዓይን ጊዜዬን የወሰደው እሱ ነው። በአንድ የኪሎ መስመር ላይ ሁለት ደወሎች ተስለዋል፣ አንዱ 50 ላይ፣ ሌላው 49.5 ላይ። ሁለቱ እኩል ቁመትና እኩል ስፋት አላቸው። ይህ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም፤ ብዙዎች ሁለተኛውን ደወል አሳንሰው ይስሉታል፣ የተጠረጠረውን ዓለም ከዋናው ዝቅ ያለ ይመስል። ሲግማውም የከረጢቱ ቁጥርም ያው እስከሆነ ድረስ ደወሎቹ ተንሸራተው ቦታ ከመቀየር በቀር በምንም አይለያዩም። ድንበሩ በሁለቱ መካከል ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ቆሟል። ከ50ው ደወል ጭራ ከድንበሩ በስተግራ ያለችው ቀጭን ቁራጭ በሰረዝ ተሞልታለች፤ አልፋ ናት። ከ49.5ቱ ደወል ከድንበሩ በስተቀኝ የተረፈው በነጠብጣብ ተሞልቷል፤ ቤታ ነው።

ደብተሩ ካሬ ስለሆነ ልኬቱም እውነተኛ ነው። አንዱ ካሬ 0.1 ኪሎ ነው፤ ድንበሩ ከ49.5 ሁለት ካሬ ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ ከ50 ደግሞ ከሦስት ካሬ ትንሽ አለፍ ያለ ቦታ ላይ ይገኛል። ይህን ያየ ሰው አንድም ስሌት ሳይሠራ ሁለት ነገር ያውቃል። ድንበሩ ከ49.5ቱ ደወል ጫፍ በስተቀኝ ስለዋለ ከደወሉ ከግማሽ በላይ የሚሆነው «ይቁም» በሚለው በኩል ነው፤ ፓወሩ ከ0.5 ይበልጣል። ደግሞም ቤታ ከአልፋ በብዙ ትበልጣለች፤ ድንበሩ ለ50 ከመቅረብ ይልቅ ለ49.5 ቀርቧልና። ስሌቱ ፓወሩን 0.3 ቢል ኖሮ ሥዕሉ ራሱ ይቃወም ነበር።

ጥልፍ የሚያውቅ ሰው ቀሚሱን ገልብጦ ከጀርባ ያያል፤ እኔም የገጹን ኅዳግ እንዲሁ አየሁት። በእርሳስ፣ በትንንሽ ጽሑፍ፣ መምህሩ ሥራቸውን ለራሳቸው የፈተሹበት አለ። የመጀመሪያው፦

```
0.5 / 0.2 = 2.5
1.645 + 0.855 = 2.5
```

በ50ና በ49.5 መካከል ያለው ርቀት በ0.2 ሲለካ 2.5 እርምጃ ነው። ከ50 ወደ ድንበሩ 1.645 እርምጃ፣ ከድንበሩ ወደ 49.5 ደግሞ 0.855 እርምጃ። ሁለቱ ተደምረው ካልገጠሙ አንዱ ቦታ ላይ ስህተት አለ ማለት ነው። ገጠሙ። ይህ በመማሪያ መጻሕፍት በአንድ መስመር ቀመር የሚሰጠው አቋራጭ ነው፤ ከ2.5 ላይ 1.645 ቀንሶ በቀጥታ ወደ ሰንጠረዡ መሄድ። መምህሩ አቋራጩን ለማረጋገጫ እንጂ ለመንገድ አልተጠቀሙበትም። ልክ ናቸው እላለሁ፤ አቋራጩን ብቻ የያዘ ተማሪ ቴስቱ ወደ ቀኝ የሚያይ ወይም ባለ ሁለት ጭራ ሲሆን የትኛውን ከየትኛው እንደሚቀንስ ይጠፋዋል። ድንበሩን በኪሎ የጻፈ ግን ሥዕሉን አይቶ ይወጣል።

ሁለተኛው ማረጋገጫ ደግሞ እውነተኛውን አማካይ ወዲያና ወዲህ ማንቀሳቀስ ነው። አማካዩ በትክክል 50 ቢሆን ይኸው ቀመር 0.05 መስጠት አለበት፤ ይሰጣል። አማካዩ ድንበሩ ላይ፣ 49.671 ላይ፣ ቢያርፍ ፓወሩ ልክ ግማሽ መሆን አለበት፤ ነው። እነዚህ ሁለት ነጥቦች በማንኛውም እንዲህ ያለ ጥያቄ ላይ ያለ ካልኩሌተር የሚታወቁ ናቸው። ቀመሩን ገልብጦ ያስገባ ሰው በእነዚህ ይያዛል።

መምህሩ መልሱን የደመደሙበት ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «ማሽኑ በእርግጥ በአማካይ 49.5 ኪሎ እየሞላ ከሆነ፣ እንዲህ ያለ የ36 ከረጢት ፍተሻ ከመቶ ጊዜ ሃያ ያህሉን ሳይይዘው ያልፋል፤ ሰማንያ ያህሉን ይይዘዋል።» መጀመሪያ ላይ ያለው «ከሆነ» ዓረፍተ ነገሩን ተሸክሞታል። ተማሪዎች «ማሽኑ ደህና የመሆን ዕድሉ 20 ከመቶ ነው» ብለው ሲጽፉ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ቤታ ስለ ማሽኑ ምንም አትልም፤ ማሽኑን በአንድ ሁኔታ ላይ አስቀምጣ ስለ ፍተሻው ነው የምትናገረው። ያለ 49.5 የተጻፈች ቤታ ደግሞ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ናት። ማሽኑ 200 ግራም ብቻ ቢያጎድል፣ አማካዩ 49.8 ቢሆን፣ የዚሁ ፍተሻ ፓወር 0.26 ገደማ ነው፤ ከአራት ጊዜ ሦስቱን ያልፈዋል። 800 ግራም ቢያጎድል ግን 0.99 ነው። ቴስቱ አንድ ነው፣ ድንበሩም አንድ ነው፤ ፓወሩ ግን በጠየቅነው ጉድለት ልክ ይለዋወጣል።

ተማሪው ሳይጠይቅ መምህሩ ከታች ሁለት ነገር ጨምረዋል። አንደኛው ተቆጣጣሪው ማሽን በከንቱ ላለማስቆም ብሎ አልፋን ከ0.05 ወደ 0.01 ቢያጠብቅ የሚመጣው ነው። ድንበሩ ወደ ግራ ይሸሻል፣ ፓወሩ ወደ 0.57 ይወርዳል፣ ቤታ 0.43 ትሆናለች። አንዱን ስህተት ስንፈራ ሌላውን እንመግበዋለን፤ የከረጢቱ ቁጥር 36 እስከሆነ ድረስ መውጫ የለም። ሁለተኛው መውጫው ነው። አልፋ 0.05 እንደሆነ ይቆይና ፓወሩ 0.90 እንዲደርስ ስንት ከረጢት ይመዘን?

```
n = ((1.645 + 1.282) × 1.2 / 0.5)² ≈ 49.35
```

መልሱ 49 ሳይሆን 50 ነው፤ የከረጢት ክፋይ አይመዘንም፣ ወደ ታች ካጠጋጋን ደግሞ የተፈለገው 0.90 ሊጎድል ነው። መምህሩ 50ን ጽፈው ሁለት ጊዜ አስምረውበታል። ከመቶ ሃያ ጊዜ ከመሳሳት ወደ አሥር ለመውረድ 14 ከረጢት ተጨማሪ መመዘን ነው ዋጋው፤ ለአንድ ፋብሪካ ብዙ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ጎድሎበታል፤ ሳልናገር ባልፍ አድልዎ ይሆናል። ገጹ 1.2ን እንደ ተሰጠ ተቀብሎ አንድ ቃል እንኳ አልጠየቀም። በጥያቄ ወረቀት ላይ ሲግማ ትታወቃለች፤ ዜድ ቴስት የሆነውም ስለዚህ ነው። በፋብሪካ ግን «ከቆየ መዝገብ የታወቀ» የሚባለው ቁጥር የቆየ ማሽን ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ ማሽን ሲያረጅ አማካዩ ብቻ ሳይሆን መዋዠቁም ይለወጣል። ሲግማ ሳናውቅ ከ1.2 ወደ 1.5 ብታድግና ተቆጣጣሪው ያንኑ 49.671 ይዞ ቢቀጥል ሁለቱም ስህተት አብሮ ይብሳል፤ አልፋ በስውር ወደ 0.094 ትወጣለች፣ ፓወሩ ወደ 0.75 ይወርዳል። ይህ አንድ መስመር ኅዳጉ ላይ ቢጨመር ገጹ ሙሉ ይሆን ነበር።

ለተጠየቀው ጥያቄ ግን የሚጨመር የለም፤ ከፎቶው ምንም አልተገመተም፣ ድንበሩ በኪሎ ተጽፏል፣ ሁለቱ ዓለማት አልተቀላቀሉም። ተማሪ ብሆን ይህን ገጽ አትሜ ደብተሬ ውስጥ አስቀምጠው ነበር፤ መምህር ብሆን ደግሞ ከ49.671 በታች ያሰመሩትን ያንን መስመር በየሰሌዳው ላይ አሰምረው ነበር።